አንድ እንባና አንድ መፈክር፦ ማስታወቂያ ጥፋተኛን እንዴት ይመርጣል?

የፕላስቲክ ብክለትን የሚገታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ2022 የተወሰነው ድርድር በ2024 ቡሳን ላይ፣ በ2025 ደግሞ ጄኔቫ ላይ ያለ ስምምነት ተበትኗል። ተደራዳሪዎቹን ለሁለት ከከፈሏቸው ጥያቄዎች ዋነኛው ለመግለጽ ቀላል ነው። አንደኛው ወገን የፕላስቲክ ምርቱ ራሱ ይገደብ ይላል። ሌላው ወገን ችግሩ ያለው በቆሻሻ አያያዝ ላይ ነው፣ መታረም ያለበትም እሱ ነው ባይ ነው።

ሁለተኛው አቋም ብዙ ማስረጃ ሳይቀርብለት ለጆሮ ይስማማል። «ቆሻሻ» ሲባል ቶሎ ወደ ዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው የጣለው ሰው እጅ እንጂ ጠርሙሱን በሰዓት በሺዎች የሚያመርተው ማሽን አይደለም። እንዲህ ዓይነት ልማድ ከሰማይ አይወርድም፤ ተሠርቶ የመጣ ነው። ከሠሩት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረ፣ ብክለትን የሚቃወም የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ነው። በእንባው ይታወቃል። እኔ ግን ከእንባው ይልቅ መፈክሩ የበለጠ ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ምልክቶች ትርጉም እንዴት እንደሚሸከሙ በሚያጠናው በሥነ ምልክት መሣሪያዎች ደረጃ በደረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ።

መሣሪያዎቹ የፈረንሳዊው ሮላን ባርት ናቸው። ባርት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የጋዜጣ ፎቶዎችንና ማስታወቂያዎችን ሲመረምር ትርጉምን በሦስት ደረጃ ለያየው። የመጀመሪያው እማሬ ነው፤ ምስሉ ቃል በቃል የሚያሳየው። ሁለተኛው ፍካሬ ነው፤ የሚታየው ነገር በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚቀሰቅሰው ተጨማሪ ትርጉም። ሦስተኛውን ሚት ብሎታል፤ የአማልክት ተረት ማለቱ ግን አይደለም። ሚት በእሱ አነጋገር የሰው ውሳኔና ታሪክ የፈጠረውን ነገር «ድሮም እንዲህ ነው፣ ተፈጥሮው ነው» አስመስሎ የሚያቀርብ የአነጋገር ዘዴ ነው።

የሚታየውን ብቻ መናገር

ማስታወቂያን ሲተነትኑ ብዙዎች የሚሰናከሉት በጣም ቀላል በሚመስለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። «ስለ ተፈጥሮ የሚያለቅስ አንድ ነባር አሜሪካዊ ያሳያል» ብሎ የጀመረ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ ተርጉሟል፤ ማንነቱን ወስኗል፣ ፈሳሹን ልቅሶ ብሎታል፣ የልቅሶውንም ምክንያት ሰጥቷል። እማሬ ስስታም መሆን አለበት።

በስስት እንግለጸው። ሁለት ሹሩባ የተሠራ፣ ፀጉሩ ላይ ላባ የሰካ፣ ከቆዳ የተሠራ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ወንድ በታንኳ ወንዝ ላይ ይቀዝፋል። ውሃው መጀመሪያ ንጹሕ ነው፤ ቀጥሎ ወረቀትና ጥራጊ ይንሳፈፍበታል። ከበስተጀርባ ወደብ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችና ጭስ ይታያሉ። ሰውየው ቆሻሻ በሞላበት ዳርቻ ላይ ታንኳውን ስቦ ያወጣል፣ ተራምዶም ወደ አውራ ጎዳና ጠርዝ ይደርሳል። ከሚያልፍ መኪና መስኮት አንድ ከረጢት ይወረወርና እግሩ ሥር ይፈነዳል፤ ውስጡ የነበረው ምግብ ይበተናል። ሰውየው ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። ካሜራው ይጠጋል፤ ከአንድ ዓይኑ ሥር አንድ ጠብታ በጉንጩ ላይ ይወርዳል። የአንድ ወንድ ድምፅ ይሰማል፦ አንዳንድ ሰዎች ይህች አገር በአንድ ወቅት ለነበራት የተፈጥሮ ውበት ጥልቅና ዘላቂ አክብሮት አላቸው፤ አንዳንዶች ደግሞ የላቸውም። በመጨረሻም መፈክሩ ይመጣል፦ «ብክለትን ሰዎች ይጀምሩታል። ሰዎች ሊያቆሙት ይችላሉ።»

ይህ ዝርዝር አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ወዲያው ይታያል። ማስታወቂያው ውስጥ የፋብሪካ ጭስ እንዳለ ልብ ብለው የሚያስታውሱ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ሁሉም የሚያስታውሰው እንባውንና ከረጢቱን ነው። ከሚታየው ነገር የትኛው እንደተረሳ ለማወቅ መጀመሪያ ሁሉንም መዘርዘር ግድ ነው፤ የትንታኔውም ቁልፍ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ላባው፣ ታንኳውና ዝምታው

ወደ ፍካሬ ስንሸጋገር የሚፈተነው ጥያቄ «ይህ ትርጉም የኔ ብቻ ነው ወይስ የጋራ?» የሚለው ነው። ለዚህ የሥነ ምልክት ባለሙያዎች ከቋንቋ ጥናት የተዋሱት አንድ ዘዴ አላቸው፤ አንዱን አካል አውጥቶ በሌላ መተካት፣ ከዚያም ምን እንደተለወጠ ማየት። ምንም ካልተለወጠ ያ አካል ትርጉም አልተሸከመም ማለት ነው።

ሰውየውን በሱፍ ልብስ በለበሰ ነጭ አሜሪካዊ እንተካው። ታንኳውን ይቀዝፋል፣ ከረጢቱ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ ያለቅሳል። ማስታወቂያው ወዲያው አስቂኝ ይሆናል። የእንባው ክብደት ከእንባው የመጣ አልነበረም ማለት ነው። የመጣው ላባው፣ የቆዳ ልብሱና ሹሩባው በአሜሪካ ተመልካች ዘንድ ከብዙ ፊልምና ሥዕል ያከማቹት ትርጉም ነው፦ ከተፈጥሮ ጋር የተዋሐደ፣ ዝምተኛ፣ ክቡር፣ ያለፈ ዘመን ሰው። አለባበሱ በምዕራብ ፊልሞች የለመድነው የሜዳማው አገር ነባር ሕዝቦች ምስል ሲሆን፣ ከበርች ዛፍ ቅርፊት የሚሠራው ታንኳ ግን በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን ምሥራቁ ደን ነዋሪዎች ዘንድ ነው። ቅልቅሉ ማንንም አላስጨነቀም። ምስሉ የሚያመለክተው አንድን ሕዝብ ሳይሆን «ነባሩ ሰው» የሚባለውን የተዘጋጀ ሐሳብ ስለሆነ የብሔረሰብ ትክክለኛነት አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ። ተዋናዩ አይረን አይስ ኮዲ ከነባር አሜሪካውያን የተወለደ አልነበረም፤ በሉዊዚያና ከጣሊያን ስደተኞች የተወለደ ሰው ነበር። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሲያገኙ ትንታኔውን የጨረሱ ያህል ይደሰታሉ። በእኔ ግምት ግኝቱ የሚያስረዳው ከሚባለው ያነሰ ነው። ተዋናዩ እውነተኛ ነባር አሜሪካዊ ቢሆን ኖሮ የማስታወቂያው ትርጉም በአንዲት ነቁጥም አይለወጥም ነበር። ፍካሬ የሚሠራው በሰውየው የትውልድ ሐረግ ሳይሆን ተመልካቹ በሚያውቀው ኮድ፣ ማለትም በለመደው የምልክቶች ስምምነት ነው። ማታለሉን ማውገዝ ይቻላል፤ ያ ግን የሥነ ምግባር ክስ እንጂ የምልክት ንባብ አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የሚከነክነኝ ዝምታው ነው። ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም፤ በእሱ ፈንታ የሚናገረው የማይታይ ተራኪ ነው፣ የሚናገረውም «በአንድ ወቅት» እያለ ነው። ማስታወቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት የ1971 የጸደይ ወቅት ግን እውነተኞቹ ነባር አሜሪካውያን ዝም አላሉም ነበር። ከኅዳር 1969 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የምትገኘውን የአልካትራዝ ደሴት ይዘው ስለ መሬታቸውና ስለ ውል መብታቸው በይፋ ይናገሩ ነበር፤ ከዚያ የወጡት በሰኔ 1971 ነው። በአንድ ወቅት ሁለት ዓይነት ምስል ነበር ማለት ነው። አንዱ መሬት ይመለስልን ይላል፣ ሌላው ያነባል። ተመልካቹን ሳያስቀይም ስሜቱን ሊነካ የሚችለው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ያለፈ ዘመን ሰው ምንም ነገር አይጠይቅምና።

ከረጢቱና ጭሱ

አሁን መተካቱን በከረጢቱ ላይ እንሞክር። ከመኪናው መስኮት የሚወረወረውን እንተወውና ሰውየው ፊቱን ከማዞሩ በፊት ያለው ትዕይንት ከፋብሪካ ቱቦ ወደ ወንዙ የሚፈስ ዝቃጭ ይሁን። ቀጥሎ ያው ፊት፣ ያው እንባ። ያለቀሰበት ምክንያት ወዲያው ሌላ ሆነ። የምስሉ ቅደም ተከተል እንደ ዓረፍተ ነገር ይሠራል፤ ልክ ከእንባው በፊት የተቀመጠው ነገር የእንባው ምክንያት ሆኖ ይነበባል። በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ ያንን ቦታ የያዘው የአንድ ተሳፋሪ የምሳ ፍርፋሪ ነው።

ጭሱስ? ጭሱ አለ፤ ግን ባለቤት የለውም። በጭስ ማውጫዎቹ አጠገብ ቁልፍ የሚጫን ሰው፣ ስም ያለበት ሰሌዳ፣ በር የሚገባ ሠራተኛ አይታይም። እንደ ደመና ከበስተጀርባ ያልፋል። በመላው ፊልም ውስጥ ሰው ሆን ብሎ ሲበክል የምናየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከመኪናው መስኮት ነው። ባርት እንዲህ ያለውን አሠራር ክትባት ይለዋል፦ የትልቁን ችግር ትንሽ መጠን በግልጽ ማሳየት፣ በዚያም ትልቁን ከጥያቄ ማዳን። ማስታወቂያው ፋብሪካን ደብቋል ብሎ የሚከስ ተንታኝ ተሸናፊ ነው፤ ፋብሪካው ይታያል። የተደበቀ ነገር ስለሌለ ነው ሚቱ የሚጠነክረው። የተደረገው ማደብዘዝና ቦታ ማሸጋሸግ ነው።

አሁን መፈክሩ ይገባል። ምስል ብቻውን ብዙ ትርጉም ይሸከማል፤ ይህን ፊልም ድምፁን አጥፍቶ ያየ ሰው እንባው ስለ ጭሱ ነው፣ ወይም መሬቱን ስለተነጠቀ ሕዝብ ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም ንባቦች ምስሉ ላይ መነሻ አላቸው። የጽሑፉ ሥራ ከእነዚህ መካከል አንዱን አጽንቶ የቀሩትን ማሰናበት ነው። መርከብ በወደብ እንዲቆም መልሕቅ እንደሚጣልለት ሁሉ ምስሉም በቃል ይታሰራል፤ ባርትም ይህን ሥራ የጠራው በዚሁ በመልሕቅ ስም ነው።

«ብክለትን ሰዎች ይጀምሩታል። ሰዎች ሊያቆሙት ይችላሉ።» በእማሬ ደረጃ እውነት ነው፤ ድንጋይ አይበክልም። በፍካሬ ደረጃ ደግሞ ሁለቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ባለቤት ስለሚጀምሩ የምሳሌያዊ አነጋገር ዜማ አላቸው፤ የማይከራከሩት ጥበብ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ይወቅሳል፣ ሁለተኛው ያጽናናል። እንባው የፈጠረው የጥፋተኝነት ስሜት መውጫ በር ያገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው፤ በሩም የሚከፈተው ለእያንዳንዱ ተመልካች ለየብቻው ነው።

ሚቱ የተቀመጠው «ሰዎች» የሚለው ባለቤት ላይ ነው። የጠርሙስ ፋብሪካ ኃላፊውም፣ ሕግ አውጪውም፣ ከረጢት የወረወረው ተሳፋሪም ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ሰዋስው ውስጥ ግን ማንም ከማንም አይለይም። ማድረግ የሚችሉት ነገር መጠኑ የተራራቀ ቢሆንም ቃሉ እኩል ያደርጋቸዋል። ምስሉ አስቀድሞ ተሳፋሪውን ብቻ ስላሳየን ደግሞ ባዶው «ሰዎች» በእሱ ፊት ይሞላል፣ ከዚያም በእኛ ፊት። ግሱም የራሱን ያደርጋል። ብክለት «ይጀምራል» ከተባለ ከመጀመሩ በፊት ምንም አልነበረም ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት የነበረው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ንድፉ፣ ምርቱና ሽያጩ፣ ከታሪኩ ውጭ ይወድቃል።

ባለቤቱን ብንለውጠውስ? «ብክለትን አምራቾች ይጀምሩታል። አምራቾች ሊያቆሙት ይችላሉ።» ዜማው አልተነካም፣ ምስሉም ያው ነው። ነገር ግን ይህ ከአሁን በኋላ ማስታወቂያ አይደለም፤ የክስ ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ፖለቲካ የሌለው መስሎ የታየን የፖለቲካው ክፍል በባለቤቱ ውስጥ ስለተሟሟ ነው።

እዚህ ድረስ ከማስታወቂያው ውጭ ብዙም አልወጣንም። ሚትን ሚት ነው ለማለት ግን የተፋቀውን ታሪክ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ንባቡ ጥርጣሬ ሆኖ ይቀራል። ታሪኩ ይህ ነው። በአሜሪካ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ለብዙ ዓመታት መያዣ ተከፍሎበት የሚመለስ፣ ታጥቦም እንደገና የሚሞላ ዕቃ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢንዱስትሪው ወደ ቆርቆሮና አንድ ጊዜ ተጠቅመው ወደሚጥሉት ጠርሙስ ዞረ። የቬርሞንት ግዛት በ1953 የማይመለስ የቢራ ጠርሙስ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ሕጉ ከአራት ዓመት በኋላ ሳይታደስ ቀረ። ማስታወቂያውን ያሠራው «ኪፕ አሜሪካ ቢዩቲፉል» የተባለው ድርጅትም የተቋቋመው በዚያው በ1953 ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል የቆርቆሮና የጠርሙስ አምራች ኩባንያዎች ይገኙበታል። ማስታወቂያው በወጣበት በ1971 ደግሞ የኦሪገን ግዛት ለመጠጥ ዕቃዎች መያዣ የሚያስከፍል ሕግ አጸደቀች። የድርጅቱ መሪዎች እንዲህ ያሉ ሕጎችን ይቃወሙ ስለነበር በ1970ዎቹ አጋማሽ ታዋቂ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ከአማካሪነት ራሳቸውን አገለሉ።

ይህ ሲታወቅ «ሰዎች ይጀምሩታል» የሚለው ቃል ያለ ጎረቤት የቆመ ጥበብ መሆኑ ይቀራል። በጊዜው ሌላ መልስ ቀርቦ ነበር፦ ጠርሙሱ ይመለስ። መፈክሩ ያንን መልስ አይቃወምም፣ አይጠቅስም፣ ስለሱ ሰምቶም የሚያውቅ አይመስልም። የሚጣለው ጠርሙስ እንደ ወንዙና እንደ ሰማዩ ድሮም የነበረ ነገር ሆኖ ይቀርባል፤ ለውጥ የሚጠበቀው ከጣዩ እጅ ብቻ ይሆናል። ታሪክ ተፈጥሮ ሆነ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የዚህ ንባብ ወሰን የት ነው? አንደኛ፣ የገንዘብ ምንጩን በማወቅ ብቻ ሚት አይረጋገጥም። «ማን ይጠቀማል?» ብሎ ጠይቆ ወደ መደምደሚያ የሚሮጥ ትንታኔ ምስሉን ማየት አቁሟል። ሁለተኛ፣ ንባቡ የአዘጋጆቹን ልብ አያውቅም፤ ዳይሬክተሩም የጽሑፉ ደራሲም ከልባቸው ተፈጥሮን የሚወዱ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ይህን ማወቅም ለክርክሬ አያስፈልገኝም። ሦስተኛ፣ ተመልካቹ የተሰጠውን ሁሉ አይውጥም። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል በ1970ዎቹ እንዳሳየው፣ አንድ መልእክት በታሰበው መንገድ፣ በከፊል በመደራደር ወይም በተቃራኒው ሊነበብ ይችላል። ብዙ ነባር አሜሪካውያን በዚህ ፊልም ላይ ያነበቡት የተፈጥሮን ፍቅር ሳይሆን የራሳቸውን ምስል መነጠቅ ነው። በመጨረሻም ጥሩ ንባብ ሊሸነፍ የሚችልበትን መንገድ አስቀድሞ ይናገራል። ማስታወቂያው ውስጥ የአንድ ኩባንያ በር ቢታይ፣ ወይም ተራኪው ስለ ምርት አንድ ቃል ቢተነፍስ፣ እዚህ ያቀረብኩት ክርክር ይፈርስ ነበር። የትኛውም ምስል ቢመጣ ፈጽሞ የማይፈርስ ትንታኔ ካጋጠማችሁ ግን ተንታኙ የሚያነበው ማስታወቂያውን ሳይሆን የራሱን ቅድመ እምነት ነው።

በየካቲት 2023 የማስታወቂያው መብት ለነባር አሜሪካውያን ብሔራዊ ኮንግረስ ፈንድ ተላልፏል፤ ዓላማውም ከታሪክ ትምህርት ውጭ እንዳይውል መገደብ ነው። በፍካሬው ደረጃ ላይ ለነበረው በደል ተገቢ መልስ ነው። የመፈክሩ ሰዋስው ግን ባለመብት የለውም፤ ላባና ታንኳ ሳያስፈልገው ዛሬም ይሠራል።

በፕላስቲክ ዕቃ ሥር የሚታየውን ምልክት ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት የሚከታተሉ ቀስቶች ሦስት ማዕዘን ሠርተው በመካከላቸው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ይይዛሉ። የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ማኅበር በ1988 ሲያወጣው እማሬው የፕላስቲኩ ዓይነት ነበር፤ 1 ቁጥር አንድ ዓይነት፣ 6 ቁጥር ሌላ ዓይነት፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ቀስቶቹ ግን የመጡት በ1970 ለወረቀት መልሶ ጥቅም ከተሠራ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ፍካሬያቸው «ይህ ተመልሶ አዲስ ዕቃ ይሆናል» የሚል ሆነ፣ በተግባር መልሶ ለማይሠራው ፕላስቲክም ጭምር። ሚቱ ቀጥሎ ይመጣል፦ ዙሪያው ድሮም የተዘጋ ነው፤ የጎደለው በትክክለኛው ቅርጫት ውስጥ መጣል የሚገባው ሰው ነው። በ2013 የደረጃ አውጪው ድርጅት ኤኤስቲኤም ቀስቶቹን አውጥቶ በተራ ሦስት ማዕዘን ተካቸው፤ ቁጥሮቹን አልነካም። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2021 ባወጣችው ሕግ መልሶ ጥቅም ላይ የመዋል መስፈርቷን የማያሟላ ዕቃ ቀስቶቹን እንዳይለብስ ከለከለች። ሁለቱም ያደረጉት ከላይ በከረጢቱና በመፈክሩ ላይ የሞከርነውን የመተካት ፍተሻ ነው፤ ቁጥሩ ባለበት ቆሞ ቀስቶቹ ሲነሱ የፕላስቲኩ ዓይነት ምንም አልጠፋበትም፣ ተስፋው ብቻ ነው የጠፋው።